ተንታኙና የተሰረዘው ስቶፕ ሎስ

ሰፈሩ «ተንታኙ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ወርቅ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያስረዳዋላ። ፀጉር አስተካካዩ ወርቅ የለውም። ግን ደንበኛ ነውና ሰምቶ ያስጨርሰዋል።

ተንታኙ የሚሠራው ከታላቅ እህቱ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፣ ከቦታ እጥረት የተነሣ የተደረደረ የሰው ሱሪ። እህቱ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ ማሽን ስለሌላት የሰፋችውን ሁሉ መንገድ ማዶ ወስዳ በክፍያ ታስዘመዝማለች። ማሽን መግዣ ሁለት ሺህ ዶላር አጠራቅማ፣ መስኮቱ ሥር ቦታውን ጠርጋ ጨርሳ ነበር። ወንድሟ ገንዘቡን ለትንሽ ጊዜ ላሠራበት ብሎ ለመናት።

«ስቶፕ ሎስ የሚባል ነገር አለ፣ እትዬ» አላት። «ወርቅ ስገዛ፣ ዋጋው እዚህ ድረስ ከወረደ ሽጥልኝ ብዬ አስቀድሜ አዛለሁ። በራሱ ይሸጣል። በአንድ ግብይት ከአርባ ዶላር በላይ አልከስርም።»

«ትእዛዙን ማን ሊያጠፋው ይችላል?»

«ማንም። ከእኔ በስተቀር።»

ይህንን የተናገረው ሊያረጋጋት ነበር። ገንዘቡን ሰጠችው።

መጀመሪያ ላይ እንዳለው አደረገ። ሁለት ሦስቴ ስቶፕ ሎሱ ተነክቶ ከሸጠለት በኋላ ዋጋው ተመልሶ ወጣ። ነደደው። ከዚያ አንድ ቀን ዋጋው ሊነካው ሲል ትእዛዙን ዝቅ አደረገው፤ ወርቁም ተመልሶ አተረፈለት። ሌላ ቀን ጭራሹን ሰረዘው፤ አሁንም ተመለሰለት። ምስኪን፣ ያን ጊዜ ቢከስር ይሻለው ነበር። ጥፋቱ ትርፍ ስላመጣለት ጥበብ መሰለው፤ ፀጉር አስተካካዩም በዚያ ሳምንት ሙሉውን ትንታኔ ሰማ።

ከዚያ አንድ ሰኞ አሥር ወቄት ገዛ፣ አንዱን ወቄት በሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር፤ የሚገበያይበት አገናኝ ድርጅት ከገንዘቡ ጥቂቱን መያዣ አድርጎ የቀረውን ዋጋ ያበድረዋል። ወርቅ አንድ ዶላር በወረደ ቁጥር አሥር ዶላር ይከስራል ማለት ነው። ስቶፕ ሎሱ አራት ዶላር ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ አርባ ዶላር፣ በቃሉ መሠረት። ዋጋው ሲጠጋው ወደ ታች ገፋው። እንደገና ሲጠጋው ሰረዘው። አሥር ዶላር ሲወርድ ደግሞ፣ «አማካዩን ዋጋ ዝቅ ላድርገው» ብሎ ሃያ ወቄት ጨመረ። አሁን እያንዳንዷ ዶላር ሠላሳ ዶላር ትወስዳለች። ቢመለስ ቶሎ ይድናል። ባይመለስስ የሚለውን አልተነተነም።

ዓርብ ከሰዓት የአሜሪካ የሥራ ቅጥር መረጃ ወጣ፤ ከተጠበቀው በላይ ጥሩ ነበር። ዶላር ተነሣ፣ ወርቅ ወደቀ። ስክሪኑ ላይ መያዣህ እያለቀ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ተንታኙ እጁን ጭኖቹ መሃል ከቶ ተቀመጠ። መሸጥ ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ እህቱ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ እየሰፋች ነው፤ የምትሰማው መሰለው። ፈራ። ትንሽ ቆይቶ አገናኝ ድርጅቱ፣ የቀረው ገንዘብ ለሠላሳው ወቄት ከያዘው ሰባት መቶ ዶላር ገደማ መያዣ ግማሽ በታች ሲወርድበት፣ ሳያስፈቅድ ሁሉንም ሸጠ። ስቶፕ ሎስ ለሌለው ሰው መጨረሻ ላይ ድርጅቱ ያስቀምጥለታል፤ ይኼኛው ደግሞ አይገፋም፣ አይሰረዝም። ከሁለት ሺው ላይ ሦስት መቶ አርባ ዶላር ተረፈ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወርቅ ተመልሶ ሁለት ሺህ አራት መቶን አለፈ። ትንታኔው ልክ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ለእህቱ ግን ኪሳራውን ነገራት። የማሽኑን ፔዳል መርገጥ አቁማ ሰማችው።

«አርባ ነው ያልከኝ» አለች።

«አዎ።»

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

አልጮኸችም። ብትጮህበት ይቀለው ነበር። አምስት ሱሪ አጣጥፋ ክንዱ ላይ ጫነችለት። «አስዘምዝምና ና። ከዛሬ ጀምሮ የምትመላለሰው አንተ ነህ። ክፍያውንም አንተ።»

እንዲህ ከረመ። ተንታኙ ቀን ዕቃ ቤት ተቀጥሮ ደሞዙን ለእህቱ ይሰጣል፤ ማታ መንገድ ተሻግሮ ያስዘመዝማል። መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ እንደተጠረገ ነው። ያን ቦታ ሳያይ ማለፍ አልቻለም፤ ያፍራል።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኧረ ቅዳሜ ገበያው ዝግ ነው፤ ዓርብ ይሆናል፣ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ በተረፈው ገንዘብ አንድ ወቄት ብቻ ገዛ። ስቶፕ ሎሱን ሦስት ዶላር ዝቅ አድርጎ አስቀመጠ። ዋጋው ወረደ፤ ተጠጋ። እጁ ወደ ማውሱ ሄደ። ተነሥቶ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣና የሚዘመዘሙትን ልብሶች ማጣጠፍ ያዘ። ሲመለስ ተሸጦ ጠበቀው። ዋጋውም ወዲያው ተመልሶ እሱ ካሰበው በላይ ወጥቶ ነበር።

«ከሰርክ?» አለችው እህቱ፣ ሲወጣ ፊቱን አይታ።

«ሦስት ዶላር።»

«ሳትነካው?»

«ሳልነካው።»

ክር በጥርሷ በጠሰች። መስኮቱ ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ አየት አደረገችና ሁለት ቀሚስ ካጣጠፈው ክምር ላይ ጨመረችለት። «እንግዲያው የዛሬውን ማስዘምዘሚያ እኔ እከፍላለሁ» አለችው።