እሺ ያላልሁበት የኖራ ወቅት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንጅባራ የሚገኝ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት በኮንትራት መልሶ ቀጠረኝ። ሥራዬ የአፈር ናሙና መመርመር ነው። ቤቴ ዳንግላ ነው፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ግን ቤቴ ማለት ዓርብ የምከፍተውና ሰኞ ማለዳ የምቆልፈው በር ብቻ ነው። የቀረውን ቀን እንጅባራ በተከራየኋት አንዲት ክፍል እኖራለሁ።

የአካባቢያችን አፈር አሲዳማ ነው። ገብሱ ይበቅላል፤ ከዚያ ቁመቱን ሳይጨርስ ይገረጣል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን እንደ ጨው በግምት አይነሰነስም፤ የየማሳው አፈር ተመርምሮ መጠኑ ይወሰናል፣ ዘር ከመዘራቱም ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አለቃዬ በልጄ ዕድሜ ያለ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶ ከሁላችንም ዘግይቶ የሚወጣ ትጉህ ሰው ነው። ጉድለቱ ለእሱ ሥራ ሁሉ የዛሬ ሥራ መሆኑ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ደግሞ ለአለቃ «አይሆንም» የሚል የለም። «እሺ» ይባላል፤ ከዚያ ሥራው ይተኛል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አንዱን ሥራ ለሦስት ሰው ያዛል።

እኔ እሺ ብሎ መተኛት አልሆነልኝም። ባለፈው ዓመት ንግግር ጻፍልኝ ሲል ጻፍሁ፤ ሪፖርት ሲል ሪፖርት አዘጋጀሁ። ያን ጊዜ አዘና ከተማ አጠገብ ካለች ቀበሌ የመጡ ናሙናዎች እርጥብ እንደሆኑ ከረጢት ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆዩ፤ የመለያ ወረቀታቸውም በሰበሰ። የቱ አፈር የማን ማሳ እንደሆነ መለየት ስላልቻልሁ ሁሉንም ደፋሁት። ገበሬዎቹ ከፊሉ በግምት ኖራ በተነ፤ ከፊሉ ተወው። ክረምት ላይ ሄጄ የገረጣውን ገብስ አየሁ። አንዱ ገበሬ ሊያጽናናኝ «የእግዜር ሥራ ነው» አለኝ። እግዜር ግን ወረቀት አላበሰበሰም።

ዘንድሮ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከዚያችው ቀበሌ ከሃምሳ በላይ ናሙና መጣ። ከዚህ ቀደም የተበላሸባቸው ሰዎች እንደገና አምነው መላካቸው ከበደኝ። አፈሩን በጥላ ሥር ዘርግቼ ማድረቅ ጀመርሁ። አንድ ሰኞ አለቃዬ ገባ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

አንድ ብሎ በአንድ አቁሞ አያውቅም።

«በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። የአምስት ዓመት ሥራችንን የሚያሳይ ሙሉ ጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ በሠንጠረዥ፣ በፎቶ። ከእርስዎ በቀር አሳምሮ የሚጽፍልኝ የለም። ይህን አፈር እስከዚያ ይተውት።»

ባልደረባዬ ጥግ ላይ ሆና ወንፊቷን ማራገፍ አቆመች። በሰው ፊት እምቢ የተባለ አለቃ ልመለስ ቢል እንኳ መመለሻ የለውም። ስለዚህ «ነገ ጠዋት ቢሮዎ መጥቼ መልሱን ልንገርዎት» አልሁት። ሲወጣ ባልደረባዬ ሳቀች።

«እሺ ብለው ዝም አይሉም? ይህንኑ ለእኔም አዝዞኛል።»

«እሺ ካልሁማ እሠራዋለሁ።»

«እንግዲያ የእርስዎ በሽታ ከእኛ የከፋ ነው።»

ማምሻውን ክፍሌ ገብቼ የምናገረውን ጻፍሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎቼን አነብላት ነበር። «እውነትህን ነው» ትለኝ ነበር፤ «ግን ሰውየውን በር ላይ ገተርኸው። መጀመሪያ አስገባው።» አሁን የማነብለት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ አያርምም። ሦስት ጊዜ ሰርዤ የእሱን ጭንቀት ከእኔ ምክንያት አስቀደምሁት።

በማግስቱ በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ።

«እንግዶቹ ፊት ባዶ እጅዎን መቆም እንደሌለብዎ ይገባኛል። መሥሪያ ቤቱ ቢዋረድ አብሬ የምዋረድ ነኝ። ሙሉውን ጽሑፍ ግን እስከ ሐሙስ ልሠራው አልችልም። የናሙናው ውጤት በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ካልወጣ ኖራው ለዘር አይደርስም።»

«አፈሩን በምድጃ አድርቀው ቶሎ አይጨርሱትም?»

«ያኔ የምለካው እኔ የጋገርሁትን ነው እንጂ የገበሬውን አፈር አይደለም።»

አልሳቀም። «እኔም አለቃ አለኝ፣ ጋሼ። እርስዎ እኔን እምቢ ይሉኛል፤ እኔ ማንን እምቢ ልበል?»

እውነቱን ነበር።

«እርስዎ ማንንም እምቢ እንዲሉ አልጠይቅም። ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በእንግዶቹ ዋዜማ ረቡዕ በእጅዎ ይገባል። ሠንጠረዡ ካለፈው ሪፖርት ይወሰዳል፤ ፎቶውን ባልደረባዬ ታዘጋጃለች፣ ጠይቄያት ፈቅዳለች። ሙሉው ጽሑፍ ናሙናው ባለቀ በሳምንቱ ይደርስዎታል። የለም፣ ናሙናው ይቆይ ካሉ አለቃው እርስዎ ነዎት፤ ለገበሬዎቹ ግን ይህንኑ በደብዳቤ ይጻፉላቸው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወረቀቴ ላይ አልነበረችም፤ አመለጠችኝ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሂዱ። እንዳሉት ያድርጉ።»

የፈለግሁትን ይዤ ወጣሁ፤ ደስ ግን አላለኝም። ጠዋት ጠዋት ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ይለኝ የነበረው ሰው መምጣቱን ተወ። ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼ የተቀመጡበት አግዳሚ ሁልጊዜ ሞልቶ ይጠብቀኝ ጀመር፤ ከአለቃ ጋር ከተኳረፈ ሰው ጋር ሽሮ አይጣፍጥም መሰለኝ። እኔም አፈሬን እመዝናለሁ፤ ውኃ ጨምሬ አማስላለሁ፤ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ለክቼ እደግመዋለሁ። ያ ግማሽ ሰዓት ከዚያ በፊት እንዲያ ረጅም ሆኖ አያውቅም። በሳምንቱ ሰኞ ማታ ለልጄ ልደውልላት ስልኩን አንሥቼ የምላትን አጥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

በነጋታው ማክሰኞ ነበር፤ ወደ አለቃዬ ቢሮ ሄድሁ።

«ስለ ደብዳቤው የተናገርሁት ማስፈራሪያ ይመስላል። ተገቢ አልነበረም፤ ይቅርታ። ስለ ጊዜው የተናገርሁት ግን ያው ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሁለቱን ለያይተው መጡ?»

«እነሱን ስለይ ነው ሳምንት የፈጀሁት።»

ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ መሳይ ነገር ታየኝ። «ረቡዕን አይርሱብኝ» ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ሁለቱን ገጽ ሰጠሁት። ሐሙስ እንግዶቹ መጡ፤ እኔን የጠራኝ አልነበረም። የአዳራሹን ጭብጨባ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ለካሁ።

ዓርብ የናሙናው ምርመራ አለቀ። የቀበሌዋ ገበሬዎች የወከሉት ሰው ውጤቱን ሊወስድ መጣ። በአካባቢው ቋንቋ በአውኛ እያስረዳሁ የየሰዉን ወረቀት ስሰጠው አለቃዬ በሩ ላይ ቆመ። ሰውየው በሩ ላይ የቆመው ኃላፊው መሆኑን ሲያውቅ ቆቡን አውልቆ አመሰገነው።

«እኔን አይደለም» አለ አለቃዬ። «እኔማ ምርመራውን ላስቆመው ነበር። እምቢ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

ገበሬው ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። «እምቢ ብለውም ደመወዝ ይሰጥዎታል?»

አለቃዬ ከት ብሎ ሳቀ። ገበሬው ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና «ኖራውን ነገውኑ እንጀምራለን» ብሎ ወደ መናኸሪያው ቸኮለ።

ሁለታችን ቀረን። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደሩትን ጭቃማ ብርጭቆዎች አየ።

«ሙሉው ጽሑፍ የሚመጣው ዓርብ ነው ያሉኝ? ረቡዕ አይደርስም?»

«አይደርስም። ዓርብ ግን አያልፍም።»

«ዓርብ ይሁን» አለ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ። ከዚያ ስልኩ ጠራ፤ እያነጋገረ ወጣ።

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አጠብሁ። የዳንግላው ሚኒባስ ሊሞላ ገና ነበር፤ ቢሞላም የሚጠብቀኝ ስለሌለ አልቸኮልሁም።