ስለ ኮረሪማ አበባ የጻፍኩት ምስጋና

«ስለ ኮረሪማ አበባ ያደረግነው ውይይት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።» ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳየው ወረቀቱን እገለብጠዋለሁ።

ትምህርት የገባሁት ዘግይቼ ስለሆነ ቦንጋ ላይ ለምርምር ረዳትነት ስወዳደር ከተፎካካሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ እበልጥ ነበር። ረዳት የሚፈልጉት ተመራማሪ የሚያጠኑት ኮረሪማ ነው፦ አበባው ሞልቶ ሳለ ፍሬው ለምን ያንሳል? እሳቸው አፈሩን ይጠረጥራሉ። እኔ የንብ ማነስን ጠረጠርኩ፤ አንዳንዱን አበባ ሳይፈካ በስስ መረብ ሸፍነን ካልተሸፈነው ጋር ብናስተያየውስ አልኳቸው።

«መረቡ ራሱ ጥላ ቢጨምርስ?» አሉኝ።

ኢንተርቪው በዚያው አለቀ። መልሱ የመጣልኝ ወደ ቤት ስወርድ ነው፤ ሳገላብጠውም አደርኩ። በማግስቱ አጭር ምስጋና ጻፍኩ፤ ውይይቱን አነሳሁና «ጎኑ ክፍት የሆነ መረብም ቢጨመር ጥላው ያው ይሆናል፣ ንብ ግን ይገባል» አልኩ። ኮምፒውተር ስለሌለኝ ማመልከቻ የምትተይበው ልጅ ዘንድ ወስጄ በኢሜይል አስላክሁ። አራት ነጥቦቹን ሳይቀር አይቼ ነው የሄድኩት።

ተመራማሪው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት የታተሙ ወረቀቶች ተዘርግተዋል፤ ከስሙ በቀር ቃል በቃል አንድ ናቸው።

«ይኼኛውን የጠየቅሁት ሞተር ሳይክል መንዳት ይችል እንደሆነ ብቻ ነው» አሉ። «ውይይቱ ካንቺ ጋር እንደነበር አውቃለሁ። ግን አንቺ ነሽ ያደልሽው? የምንሰበስበው መረጃ እንዲህ የሚዞር ከሆነ አብረን አንሠራም።»

ፊቴ ጋለ። ወጥቼ ተያቢዋን ከነሽርጧ ይዣት ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ማመልከቻ መቼስ ያው ነው!» አለች፣ ቅንጣት ሳታፍር። «ልጆቹ ኢንተርቪው ወጥተው መጡ፤ የእትዬ ምስጋና ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፣ ስም ቀየርኩላቸው። ሌላ ምን ይጻፋል?»

«ኮረሪማውንስ?» አሉ ተመራማሪው።

«እሱማ ማሳመሪያው ነው!»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሰኞ ሥራ ጀምሪ ብለውኝ እንኳ ሳቁ አልለቀቃቸውም። እኔ አልሳቅሁም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበት ነገር ባዶ ቦታ እንደሚሞላበት ፎርም ሲታደል ማየት፣ የገዛ ጥርስ ብሩሽን በሰው አፍ እንደማየት ነው።

ደጅ ስንወጣ ተያቢዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አይቆጡ እንጂ። እኔ ባልበትነው እሳቸው መች ልብ ይሉልዎት ነበር?» አለችኝ። ክንዴን አስለቀቅሁ። እውነቷን ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያስጠላኝ።

በዓመቱ መሥሪያ ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ፈተነ። ተመራማሪው አንድ የምስጋና ወረቀት እያውለበለቡ ወደ ክፍሌ መጡ። ግምጃ ቤት ሊጠብቅ የተወዳደረው ሰው «ስለ ኮረሪማ አበባ ያደረግነው ውይይት» ከአእምሮው አልወጣም።

ጎኑ ክፍት የሆነውም መረብ እንዳለ ነበር።