የሁለት ጥያቄ ፈተና

መምህር ሞታሌብ በኩሽቲያ ከተማ ዳርቻ ባለ አንድ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ሲያስተምር ጸጉሩ ነጣ። ማስተማሩ አልሰለቸውም፤ ያንገሸገሸው የውጤት ሰሞን ነው። ያን ሰሞን ሻይ ቤት ቢገባ እንኳ ሻዩ ከነአማላጁ ነው የሚቀርብለት።

የተማሪውን የሹፒያን የማጠቃለያ ፈተና ወረቀት ሲያርም ብዕሩ ቆመ። ሃያ ሃያ ከሚይዙት አምስት ጥያቄዎች የነካችው ሁለቱን ብቻ ነው። ሁለቱም ጥሩ ነበሩ፤ አንዲት ድምር ተሳስታለች። ለስሕተቱ ሁለት ቀንሶ ሠላሳ ስምንት ሰጣት። ፈተናው ሳይጋመስ ጥላ የወጣችው እሷ እንደሆነች ትዝ አለውና ንቀቷ አናደደው።

ከዚያ አሰላው። የቤት ሥራው ከመቶ ሃያ እጅ ይይዛል፤ ሰባ ስላመጣች ዐሥራ አራት። የአጋማሹ ፈተና ሠላሳ እጅ ነው፤ አራስ ሆና ተፈትና ከመቶ ሃያ ብቻ ነበር ያገኘችው፤ ስድስት። የማጠቃለያው ሃምሳ እጅ፤ ሠላሳ ስምንቱ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ። ድምሩ ሠላሳ ዘጠኝ፤ ማለፊያው ደግሞ አርባ።

ንዴቱ በረደ። ልጅቱ ሃያ ይዛ ነው የገባችው፤ የጎደላትን ሃያ ለማግኘት ማጠቃለያውን ከመቶ አርባ ማምጣት ነበረባት። ቆጥራ አርባ ሠርታ ወጣች። ምንም ትርፍ አልያዘችም።

ባልደረባው ኒዛሙል ሰምቶ፣ የቤት ሥራው ላይ ሁለት ጣል አድርግላትና ተገላገል አለው።

«እዚያ ሁለት ብጨምር ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም» አለ ሞታሌብ። «ለማጭበርበርም አምስት ያስፈልጋል። ደክሞኛል፤ ተወኝ።» ወረቀቱን ደግሞ አየው፤ ስሕተቱ ስሕተት ነው።

በማግስቱ ሹፒያ ሕፃን ልጇን ካቀፉት አማቷ ጋር መጣች። አማቷ ሆስኔ አራ ዘንድሮ ካላለፈች ቤቷ ትቀመጣለች ብለው የቆረጡ ሴት ናቸው። ሞታሌብ በአንዲት ድምር ስሕተት በአንድ ነጥብ መውደቋን ሲነግራት አላለቀሰችም።

«ለምን ቶሎ ወጣሽ?» አላት።

«ልጁ ጡት ይፈልጋል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አልይዝልሽም ብለውኝ ነበር» አለች፣ አማቷን ሳታይ። «ለአንድ ሰዓት የሚበቃኝን አሰላሁ።»

ሆስኔ አራ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻቸው አዛወሩት።

«መምህር፣ ያቺን ድምር ደግማ ብታያት ኖሮ ስንት ጊዜ ይፈጅባት ነበር?»

«ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እናቴ።»

ሞታሌብ ኮርሱን በሚመጣው ዓመት መድገም እንደምትችል ተናገረ፤ ማንም የሰማው አይመስልም።

«ያን ቀን ልጁ ተኝቶልኝ ነበር እኮ» አሉ ሆስኔ አራ በመጨረሻ። «እሷ ከፈተናው ከወጣችም በኋላ አልነቃም።»

ሹፒያ ቀና ብላ አየቻቸው። አማቷ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ አገላብጠው አዩት። ከዚያ የመድገሚያው ምዝገባ መቼ እንደሆነ መምህሩን ጠየቁት።