ያላንኳኳሁት በር

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ስለ ሌላው ኃጢአቴ ሁሉ ስናዘዝ ይችን አንዷን ደብቄ ነው የተነሣሁት። ዛሬ የማወጣት ለእናንተ ነው። ፍረዱኝ፤ ግን መጀመሪያ ላስረዳ። ማስረዳት ልማዴ ነው፤ የበደሌም መነሻ እሱው ሳይሆን አይቀርም።

በአዘቦት ቀን አዳማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በአጥቢያችን አዳራሽ የአዋቂዎች ክፍል አለኝ። የምናጠናው አባታችን ሆይን ብቻ ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው አንድ ትንፋሽ ሳንወስድ እንጨርሰዋለን። እኔ ግን በሳምንት አንድ ሐረግ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ። ሐረጉን እናነባለን፤ ምን እየለመንን እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ የምንሠራው አንድ ትንሽ ልምምድ እንይዛለን። ልምምዱ ከሰውየው ውሎ ጋር መግጠም አለበት። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም እንዴት እንደሆነለት ይናገራል። አንድ ሕግ አለ፤ መጀመሪያ የሚናገረው አስተማሪው ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።

ጸሎቱን በዚህ መልክ ስንከፍተው ምን ያህል እንደተደነቅኩ ልነግራችሁ አልችልም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ‘እኔ’ የሚል የለበትም። አባታችን፣ ስጠን፣ ይቅር በለን፣ አድነን ነው የሚለው። የመጀመሪያው ልምምድም ከዚሁ የወጣ ነበር። ጠዋት ‘አባታችን’ ስትሉ አንድ የማትወዱትን ሰው በስሙ አስቡና ከእናንተ ጋር አብራችሁ አቁሙት። ገመቹ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፤ ክፍሉን የሚያስቀው እሱ ነው።

«እኔ ትራፊክ ፖሊሱን አቆምኩት» አለ በሚቀጥለው እሑድ። «ሰኞ አስቤው ወጣሁ፤ ሰኞ ቀጣኝ። ማክሰኞም አሰብኩት።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞም ቀጣኝ። ግን መምህርት፣ ሙች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልረገምኩትም።»

ሁለተኛው ‘ስምህ ይቀደስ’ ነበር። ልምምዱ ሳይምሉ መዋል ነው። ይህ በገበያ ለሚውል ሰው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እትዬ ሙሉ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ከዓለም ጤና እያስመጡ አዳማ ይሸጣሉ። ያን ዕለት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ «ያለ መሐላ ሽንኩርት? እንዲያው ማን ያምነኛል ልጄ?» አሉኝ። በሳምንቱ ሲመጡ ግን እየሳቁ ነበር። «‘ማርያምን’ ልል ስል ‘ማ’ ላይ እይዘዋለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ‘እትዬ፣ ምላስዎን አመመዎት እንዴ?’ አለችኝ። በኋላ ዘዴ አገኘሁ። የመጨረሻዬን ዋጋ መጀመሪያ ተናገርኩና ዝም አልኩ።» ከአፍ ከሚወጣ መሐላ ይልቅ ያ ዝምታ ስሙን እንዳከበረ ለክፍሉ አስረዳሁ። እሳቸው ግን ሳላስረዳቸውም ገብቷቸው ነበር።

‘መንግሥትህ ትምጣ’ ላይ ሁላችንም እኛ የምናዝበትን አንድ ቦታ መረጥን። ገመቹ የባጃጁን የኋላ ወንበር መረጠ፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ሲሳፈሩ በመንገዱ ጉድጓዶች ላይ ቀስ ብሎ ለማለፍ። ‘ፈቃድህ ትሁን’ ላይ ነገር ሲበላሽ ከማማረራችን በፊት ሐረጉን ብለን፣ ‘አሁን በእጄ ያለው ሥራ ምንድን ነው?’ ብለን ለመጠየቅ ተስማማን። ‘የዕለት እንጀራችንን’ ላይ ከምሳችን አንድ ድርሻ ለሌላ ሰው ሰጠን፤ ልመናው ‘ስጠኝ’ ስላልሆነ።

ከዚያ ወደዚያ ሐረግ ደረስን። በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል። ከጸሎቱ ሁሉ እኛ እናደርጋለን ብለን የምንናገረው ነገር ያለበት እዚህ ብቻ ነው። ጌታም ጸሎቱን ካስተማረ በኋላ ተመልሶ ያብራራው ይህንኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ልምምዱን በጥንቃቄ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ በደሉን በስሙ ጥሩት፤ ‘ምንም አይደለም’ አትበሉ፤ ምንም ካልሆነማ ምኑን ይቅር ትላላችሁ? ቀጥሎ በየቀኑ ለበደላችሁ ሰው በስሙ ጸልዩ። ከዚያ መበቀልን ተዉ። በመጨረሻ፣ ሰውየው የሚያስፈራ ካልሆነ፣ ሄዳችሁ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ። ይቅር ለማለት አንድ ሰው ይበቃል፤ ለመታረቅ ግን ሁለት ያስፈልጋል አልኩ። ደህና አድርጌ ነው ያስተማርኩት። ያስተማርኩትን እንዳልሠራሁት እስከዚህ ሳምንት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እህት አለችኝ፤ መልካሳ ነው የምትኖረው። ሰናይት ትባላለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ትምህርቷን ትታ በየአትክልት እርሻው በቀን ሥራ እየዋለች ያስተማረችኝ እሷ ናት። የተመረቅኩ ቀን በፀሐይ የጠቆረ ፊቷን ይዛ፣ አበባ ታቅፋ መጣች። ጓደኞቼ «ማን ናት?» አሉኝ። «የሰፈራችን ሴት ናት» አልኩ። ሰምታኛለች። አበባውን ሰጥታኝ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

እሑድ ሆነ። ሁሉም ቁጭ ብሎ እኔን ይጠብቃል። ‘አልሠራሁትም’ ማለት ምን ነበረበት? ገመቹ ሁለት ጊዜ ብሎታል፤ ማንም አልነቀፈውም። እኔ ግን አፌን ከፈትኩና፣ «መልካሳ እህት አለችኝ፤ ለረጅም ጊዜ ተኳርፈን ነበር፤ እሷ በድላኝ ነበር» አልኩ። እሷ በድላኝ! ዋሸሁ ብቻ ሳይሆን በዳይዋን ተበዳይ፣ ተበዳይዋን በዳይ አደረግኩ። ይቅር እንዳልኳት ተናገርኩ። አንዷ እናት ዕንባዋን ጠረገች። እኔም ደስ አለኝ። ልክ ነው፤ በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም።

ክፍሉ ሲበተን እትዬ ሙሉ ቀሩ። እናታቸው ባቱ ከተማ፣ ወንድማቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር። ሲሞቱ ወንድማቸው ቀበራቸውና ለእትዬ ሙሉ መርዶ የደረሳቸው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። እናታቸውን አልሸኙም፤ አፈር እንኳን አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ በባቱ በኩል የሚያልፍ መኪና ላይ አልተሳፈሩም።

«መምህርት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መጸለዩንስ ጸለይኩለት። እንዴት እንደምጀምር ነው የጠፋኝ። አንቺ በሩ ላይ ስትደርሺ ምን አልሽ?»

ምን አልኩ? የትኛው በር ላይ? እዚያው ቆሜ ፈጠርኩ። «አንኳኳሁ። ስትከፍት ሌላ ምንም አላልኩም። ‘ውሃ ስጪኝ፣ ጠምቶኛል’ አልኩ።»

«ውሃ» አሉ ቀስ ብለው። «አዎ፤ ውሃ ማንም አይከለክልም።»

በሚቀጥለው እሑድ የተማርነው ‘ወደ ፈተና አታግባን’ን ነበር፤ የሚያስቱንን መንገዶች አውቀን በሌላ መንገድ ስለ መሄድ። ማንም አልሰማኝም። ሁሉም እትዬ ሙሉን ነበር የሚያየው፤ ፊታቸው ተለውጦ ነበር የመጡት። ባቱ ሄደው ነበር። ከመናኸሪያው ጋሪ ይዘው፣ በሩ ላይ ደርሰው አንኳኩ። ወንድማቸው ራሱ ከፈተ።

«ሸብቷል» አሉን። «መሸበቱን አላውቅም ነበር። ‘ውሃ ስጠኝ፣ ጠምቶኛል’ አልኩት። ሮጠ። ልጁን አላዘዘም፤ ራሱ ሮጠ። የጣሳው ውሃ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ‘መርዶውን የምነግርበት አፍ አጣሁ፤ ዛሬ ነገ ስል መሸብኝ’ አለኝ። ‘በድለኸኛል’ አልኩት፤ መምህርት በስሙ ጥሩት ብላናለቻ። ‘አዎ፣ በድዬሻለሁ’ አለ። ከዚያ የእናታችንን መቃብር አሳየኝ።»

እኔ ከጠመኔው ጋር ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ ካየሁት ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። አንድ ሐረግ ከሕፃንነቷ ጀምራ የምትደግመውን ሴት አንሥቶ፣ መኪና ላይ አሳፍሮ፣ ወንድሟ ደጅ አደረሳት። የጸሎቱ ኃይል እውነት ነበር። የሴትዮዋም ድፍረት እውነት ነበር። ውሸት የነበረው የእኔ ምስክርነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ባበቃ ምናለ! እትዬ ሙሉ ከመውጣታቸው በፊት በበረዶ የታሸገ ፌስታል ሰጡኝ። የባቱ ቆሮሶ ዓሣ ነበር፤ ወንድማቸው የላከው።

«ይህ ለእህትሽ ነው» አሉ። «የሷ ውሃ ነው እኔን ያጠጣኝ። በድላሽ ነበር ብለሻል፤ ቢሆንም ከፍታልሻለች። ሳሚልኝ።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። መልካሳ ሩቅ አይደለም፤ ዓሣው ሳይበላሽ እደርስ ነበር። አልሄድኩም። ቤቴ ወሰድኩት፣ ጠበስኩት፣ በላሁት። ለእህቴ የተላከውን በላሁት። በሳምንቱ እትዬ ሙሉ ሲጠይቁኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ብላለች» አልኩ። ፊታቸው በራ።

ለምን? ክብሬ እንዳይነካ? የእሳቸው እርቅ እንዳይፈርስ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ቆየሁ። የእሳቸው እርቅ ግን በእኔ አልቆመም፤ በሁለቱ ዕንባ ላይ ቆሟል። የፈራሁት ለራሴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቱን ለአዳዲስ ተማሪዎች ደጋግሜ አስተምሬያለሁ፤ ‘ውሃ ስጠኝ’ ማለትም በአጥቢያችን የታወቀ የእርቅ ቃል ሆኗል። በኅብረት ስንጸልይ ግን ያ ሐረግ ሲደርስ ድምፄ ይጠፋል።

በዚህ ሳምንት መልካሳ ሄድኩ። በሩን ያንኳኳሁት እንዳስተማርኩት አይደለም፤ ይቅር ባይ ሆኜ ሳይሆን በዳይ ሆኜ ነው። አንዲት ጎረቤት ወጥታ፣ «ማን ልበላት?» አለችኝ።

«እህቷ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር፤ ሴትየዋ ደነገጠች።

ሰናይት እጇን እያደረቀች ወጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የምርቃቱን ቀንም፣ ክፍል ውስጥ ያወራሁባትንም፣ ዓሣውንም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እንድትልም አልጠየቅኳትም። «ዓሣው ይጣፍጥ ነበር?» አለች። ከዚያ ሳልለምናት ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ።

የፊታችን እሑድ አዲሱ ክፍል እዚያው ሐረግ ላይ ይደርሳል። እትዬ ሙሉ አዲሶቹን ለማበረታታት እንደ ልማዳቸው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በሕጉ መሠረት መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ስለ ወጣትነቴ፣ ስለ ማፈሬ፣ ስለ ነገሩ መልካም ፍጻሜ አንድም ቃል አልጨምርም። በደሉን በስሙ እጠራዋለሁ፦

እትዬ ሙሉ፣ ዓሣውን የበላሁት እኔ ነኝ።