በዐሥራ ሁለት የተካፈለው ድምር

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ በከፈተው ትምህርት ቤት ረዳት መምህርና አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን ደብቄው አላውቅም፤ የሚያኮራ ነገር አድርጌም አላወራሁትም። ዕድሜዬ ሃያ አልሞላም ነበር። ቋንቋውን ምጽዋ ወደብ ላይ ሲሠራ ከኖረ አጎቴ ተማርሁ፤ ስሌቱን ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ካስተማሩኝ የኔታ ወረስሁ። ዓመተ ዓለሙን ለሰባት ገድፈህ የተረፈውን ካልነገርሃቸው የሚያበሉህ አልነበሩም። እሳቸው ዘንድ ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ታውቀዋለህ ወይ እንደገና ትቀጽላለህ።

የጣሊያኑ መምህር ግን በነጥብ ያምን ነበር። ሰፊ የውጤት መዝገብ ነበረው፤ ከግራ የተማሪዎቹ ስም፣ ቀጥሎ አራት ዓምድ፣ በስተቀኝ ጫፍ የመጨረሻው ውጤት። ትምህርቶቹ ሁሉ እኩል አይመዘኑም። ሒሳብ ሦስት፣ የቃል ጽሕፈት ሦስት፣ ንባብ ሁለት፣ ጠባይ ሁለት ሚዛን ነበራቸው። ተማሪው በእያንዳንዱ ከዐሥር ያገኘው በሚዛኑ ይባዛል፤ አራቱ ብዜቶች ይደመራሉ፤ ድምሩም ለሚዛኖቹ ድምር፣ ማለትም ለዐሥር፣ ይካፈላል። ስድስትና ከዚያ በላይ ያገኘ አለፈ። ወደ ላይ ማጠጋጋት አይፈቀድም ነበር። እውነቱን ለመናገር ሠንጠረዡ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ፍርድን እንዲህ ተሰልፎ አይቼው አላውቅም።

ያለፈ ተማሪ ለሐኪም ቤቱ ረዳትነት ይታጫል። የወደቀው ከትምህርት ቤት ይሰናበትና ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይ ፈለጣ ይላካል። በዚያ ሥራ ላይ ሰው ይደበደባል፤ ሳልና ተቅማጥም ብዙዎችን ጨርሷል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ መምህሩም ያውቃል።

ከዐሥራ አንዱ ተማሪዎች አንዱ ዲያቆን ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ ጎጆ አድሮ፣ በአንድ አኮፋዳ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱና ሁለት እኅቶቹ የሚያርስላቸው እሱን ብቻ ይጠብቃሉ። ሒሳብ ላይ ዘጠኝ፣ በቃል ጽሕፈት ስምንት፣ በንባብ ስድስት አገኘ። በጠባይ ሁለት ተሰጠው፤ ጧት ጧት ባንዲራቸው ሲሰቀል ክንዱን አይዘረጋማ። እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ ይቆማል።

«ምን አለበት ለአንድ አፍታ ብትዘረጋት?» አልሁት።

«ጽዋ በያዝሁበት እጅ ጨርቅ አልሳለምም። አንተ ዘርጋ፤ ያንተ ለቀለም ብቻ ናት።»

ያም ሆኖ ድምሩ ስልሳ ሰባት መጣ። ስድስት ነጥብ ሰባት፤ አለፈ።

የወደቀው የሹሙ ልጅ ነበር። ሹሙ ለጣሊያኖቹ ገብስና የመንገድ ሠራተኛ የሚያቀርብ የአገራችን ሰው ነው። ልጁ በሒሳብ አራት፣ በቃል ጽሕፈት አራት፣ በንባብ ስድስት፣ በጠባይ ዐሥር አለው። ሃምሳ ስድስት፤ አምስት ነጥብ ስድስት። ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት ሹሙ ሰምቶ መጣ። እንደ ባለ ርስት ወንበር ስቦ ተቀመጠና በእኔ በኩል መናገር ጀመረ።

«በለው እንግዲህ። ልጄ ክንዱን ሲዘረጋ በዓመት አንድ ቀን አላጠፈም በለው። ይህ መዝገብ ግን የልጄን ክንድ አላየም።»

ተረጎምሁ። መምህሩ ቅንድቡን አሻሸ።

«እኔም ገብስ ሳስጭን አንድ ቀን አላጎደልሁም፤ እሱንም በለው። አንተ ምን ትንተባተባለህ? ቀለም ነው ያስተማሩህ ወይስ ማቃሰት?»

ይህንንም ተረጎምሁ። መምህሩ ብዙ አላሰበም። ብዕሩን አንሥቶ በጠባይ ዓምድ ራስ ላይ የነበረችውን ሁለት ሰርዞ አራት ጻፈባት። ነጥቦች ከተሰጡ በኋላ፣ ማን የት እንደወደቀ እየታየ። የማንንም ነጥብ አልነካም፤ ሚዛኑን ብቻ ነካ። ይህ የፈሪ ሌባ ሥራ ነው፤ እህሉን ትቶ መስፈሪያውን ይሰርቃል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አልሁለት።

ድምሮቹን እንደገና ሠራ። የሹሙ ልጅ ሰባ ስድስት ሆነ፤ ዲያቆኑ ሰባ አንድ። የመጨረሻው ዓምድ ራስ ላይ «ሲካፈል ለዐሥር» የሚል ታትሞበት ነበርና መምህሩ እንደ ልማዱ ለዐሥር አካፈለ። የሹሙ ልጅ ሰባት ነጥብ ስድስት፣ ዲያቆኑ ሰባት ነጥብ አንድ። ሁሉም አለፉ። ሹሙ ጋቢውን አጣፍቶ ሊነሣ ነው። ነገሩ በዚያ ቢቀር የተበደለ አይኖርም ነበር፤ በአንድ ሰነፍ ስሌት ዐሥራ አንድ ሰው ከድንጋይ ይድን ነበር።

እኔ ግን አየሁት። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት፤ ዐሥራ ሁለት እንጂ ዐሥር አይደለም። ለዐሥር ከተካፈለማ በሁሉም ዐሥር ያገኘ ሰው ከዐሥር ዐሥራ ሁለት ሊያገኝ ነው። የተሳሳተ ስሌት ሳይ እንደ አሸዋ ጥርሴ ውስጥ ይገባል፤ ያን ቀንም ገባ። ደግሞ ልናገር እፈልግ ነበር፤ አንድ ያገሬ ሰው ጣሊያኑን በራሱ መዝገብ ሲያርመው እንዲታይ። ከሹሙ በቀር የሚያይ አልነበረም።

«ሲኞር፣ አካፋዩም መለወጥ አለበት፤ ሚዛኖቹ አሁን ዐሥራ ሁለት ናቸው» አልሁ።

ደመራቸው። ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ምን አለህ?» አለ ሹሙ።

«ጎበዝ አለኝ።»

«አይ የደብተራ ነገር» ብሎ ወጣ።

ከዚያ መምህሩ ማስተካከሉን ለእኔ ተወልኝ። ሰባ ስድስት ለዐሥራ ሁለት፣ ስድስት ነጥብ ሦስት፤ የሹሙ ልጅ አለፈ። አንድ በአንድ ወርጄ ዲያቆኑ ዘንድ ስደርስ ሰባ አንድ ለዐሥራ ሁለት አምስት ገባና ዐሥራ አንድ ተረፈ። አምስት ነጥብ ዘጠኝ። ስድስት እንዲሞላ ድምሩ ሰባ ሁለት መሆን ነበረበት። አንድ ጎደለው። ሦስት ጊዜ አካፈልሁት፤ ስሌት ልመና አይሰማም። ወደ መምህሩ ዞሬ ሚዛኑን ስለ ምን ለወጡት ልል እችል ነበር። ለአካፋዩ የተከፈተ አፌ ለሚዛኑ አልተከፈተም። ጻፍሁትና ከግርጌው ፈረምሁ። ከዐሥራ አንዱ የወደቀ እሱ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ውጤቱ ተለጠፈ። ዲያቆኑ ተሜውን ሁሉ አሳልፎ ብቻዬን ስሆን ገባ።

«መዝገቡን አሳየኝ» አለ።

አሳየሁት። በጣቱ እየተከተለ አባዛ፣ ደመረ፣ አካፈለ። እንዳልሁት ሒሳብ ላይ ዘጠኝ ያለው ሰው ነው።

«ትክክል ነው» አለ። ከዚያ የተሰረዘችውን ሁለት አየ። «ይቺን እሱ ሰረዛት። ይህ ለዐሥራ ሁለት የሚለውስ? ጽሕፈቱ ያንተ ነው።»

«ለዐሥር አካፍሎት ነበር። ስህተት ነው።»

«ለዐሥር ሲሆን ስንት ነበርሁ?»

«ሰባት ነጥብ አንድ።»

ጣቱን ከመዝገቡ ላይ አነሣ። «ማን አየው?»

«እኔ።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን ራሱ ከደነው፤ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠልኝና ወጣ።

ከወር በኋላ መምህሩ ለጉዳይ በዚያ መንገድ ላከኝ። ዲያቆኑን ከጥርብ ድንጋይ ክምር ሥር መዶሻ ይዞ አገኘሁት። መዳፉ ተልጦ በጨርቅ ታስሯል። ከበቅሎ ወርጄ ስሙን ጠራሁ፤ እናቱ ደኅና መሆናቸውን ልነግረው ነበር። ቀና አለና ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታው» አለ። «ይለፉ፤ ፍንጣሪው እንዳያገኝዎት።»

ከሕፃንነታችን ጀምሮ አንተ ስንባባል የኖርን ነን። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ዓይኑን አየሁ፤ አላሾፈም። በቅሎዬ ላይ ወጣሁና አለፍሁ።