አንድ መስመር ብቻ የተሰመረበት ቃል

የፈረቃ ኃላፊያችንን «ጋሼ ኮስትር» ነበር የምንላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ አርፍደው አያውቁም፤ ሲስቁ ያየ ካለ ደግሞ እጁን ያውጣ። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። አደጋ ሲደርስ የሚሞላው ቅጽ እኔ ዘንድ ይገባል፤ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ አንዱን ቅጂ ለደህንነት ኮሚቴው፣ አንዱን ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች እልካለሁ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል። ይበሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሊጥ ማቡኪያው ማሽን የአንዱን ሠራተኛ ክንድ ይዞ ገባ። ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ጋሼ ኮስትር ያንኑ ቀን ቅጹን ሞልተው ሰጡኝ፦ «ሟች በራሱ ቸልተኝነት፣ ማሽኑን ሳያጠፋ ክዳኑን ከፍቶ እጁን በማስገባቱ።» ፈረሙ፤ እኔም ላክሁት። ማክሰኞ ቀበርነው። ረቡዕ ኮሚቴው «ቸልተኝነት» የሚለውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ወሬ እግር አለው፤ ለቅሶ ቤት ድረስ ሄደ። የሟች ትልቋ ልጅ እናቷን «አባዬ በራሱ ጥፋት ነው እንዴ የሞተው?» ብላ ጠየቀቻት አሉ።

አርብ ከምሳ በፊት ጋሼ ኮስትር መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ያንን ቅጽ መልሽልኝ። አዲስ ልጽፍ ነው።»

«ምነው ጋሼ?»

ወንበሩን ሳቡና ሳይቀመጡ ቀሩ። «ያን ዕለት ጠዋት ሟቹ ነግሮኝ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ መቆም ሲገባው አልቆም ብሏል አለኝ። መካኒኩ ስድስት ሰዓት ይመጣል፣ እስከዚያ ተጠንቅቀህ ሥራ አልኩት። ዳቦው እንዳይዘገይብኝ ብዬ።» «ሥራ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወይ ጉድ! ግን ቅጹን አልሰጠኋቸውም።

«ጋሼ፣ አንዴ የገባ ሪፖርት አይቀደድም። ነጭ ቀለምም አይቀባበትም። የተሳሳተው ቃል ላይ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምራሉ፤ ከስሩ ያለው መነበብ አለበት። አጠገቡ ይፈርማሉ፣ የዛሬን ቀን ይጽፋሉ፤ የሰኞን እንዳይሆን! ቀሪውን ‘ተጨማሪ’ ብለው በሌላ ወረቀት ይጻፉ፦ ምን እንደሆነ፣ ያኔ ለምን እንዳልጻፉት። የመጀመሪያው ለደረሳቸው ሁሉ እሱንም እልካለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

«ምን ያካብዳሉ? ጡረታዎ እኮ ሁለት ወር ነው የቀረው» አለ። «መናገር ካለብዎትም ያኛው ይቀደድና ንጹሕ ቅጽ ይሙሉ፤ ቅጂዎቹን እኔ አስመልሳለሁ። አለዚያ ሚስቱ የመጀመሪያውን ስታይ ምን ትላለች? ይህ ሰውዬ ባሌን ገድሎ ወነጀለው ነው የምትለው። ማን ያውቃል ብለው ነው?»

«እኔ አውቃለኋ!» አልኩት። ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ እኔም አፈጠጥኩበት።

ጋሼ ኮስትር ሁለታችንንም አላዩም። እስክሪብቶዬን አነሱና «በራሱ ቸልተኝነት» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ፈረሙ፤ የአርብን ቀን ጻፉ። ከዚያ ተቀምጠው ተጨማሪውን ጻፉ። ሰዓት ፈጀባቸው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ይህን ሰኞ ዕለት ያልጻፍኩት ስለፈራሁ ነው» ይላል። ቅጂዎቹን ከሰዓት በኋላ ላክሁ፤ አመሻሹ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ኮስትርን ከሥራ አገዳቸው።

በሳምንቱ የሟች ሚስት በጥቁር ልብስ መጣች። ፋይሉን ማየት መብቷ ነው። ጋሼ ኮስትርንም ራሴ አስጠርቻቸው ነበር፤ አልቀርም ብለው መጡ። ተጨማሪውን አነበበች። «አላልኳችሁም? ባሌ ጠንቃቃ ነበር!» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ተመስገን፣ አለቀ ብዬ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ገለጠች። ጣቷ የተሰረዘው ቃል ላይ ቆመ።

«ይሄንስ ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ኮስትር።

«መቼ?»

«ሰኞ።»

«ማክሰኞ ሬሳውን ተሸክመው ነበር። እጄን ይዘው ‘አይዞሽ፣ እንደሱ ያለ ጎበዝ ሠራተኛ የለኝም’ ብለውኝ ነበር።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ያኔ ይሄን ጽፈው ነበር?»

«ጽፌ ነበር።»

አልጮኸችባቸውም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለቱንም ገልብጪልኝ እህቴ» አለችኝ። «ልጄ ሁለቱንም ታንብብ።»