ለኅዳር ሚካኤል ያልፈታሁት ፋሻ

ባለቤቴ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ በጀርባዋ በኩል ከቀኝ ትከሻዋ አጠገብ፣ የእንቁላል አስኳል የሚያህል እብጠት ነበረባት። ሳታሳየኝ ዓመታት ኖራለች። እያደገ ሲሄድ ግን እንስራ ስታዝል ገመዱ በላዩ ላይ ያርፍና ያማት ጀመር። በኢሕአዴግ ዘመን ነው፤ የኛ ቀበሌ ጤና ኬላ ከተሠራ ሁለት ክረምት አልሞላውም። የኬላዋ ልጅ አየችውና «ቡሬ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ያወጡላችኋል» አለችን።

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ወጣላት። አደንዝዘው ቀደዱና አወጡት፤ በጥቁር ክር ሰባት ቦታ ሰፉት። እሷ በሆዷ ተኝታ ስለነበር ምንም አላየችም። እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

የሰፋላት ልጅ የጅጋ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። አጠገቤ ተቀመጠና ነገረኝ።

«አባቴ፣ ቦታው ጀርባዋ ስለሆነ እናቴ ራሳቸው አያዩትም። የሚያዩላቸው እርስዎ ነዎት። ሁለት ቀን አይንኩት፣ ውኃም አይንካው። በሦስተኛው ቀን እጅዎን በሳሙና ታጥበው ፋሻውን ይፍቱ። ዙሪያውን በንጹሕ ውኃና በሳሙና በቀስታ አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ በሰጠሁዎ አዲስ ጎዝ ይሸፍኑት። ሌላ ነገር አይቀባ። ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ወይ ትኩሳት ከመጣ፣ ቀኑን ሳትጠብቁ ኑ። ደኅና ከሆነ ክሩን ኅዳር ሃያ አንድ አወጣዋለሁ።»

«ሃያ አንድ ጽዮን ማርያም ናት» አልኩት። «ማንም ከደብሩ አይንቀሳቀስም።»

«እሺ፣ ሃያ ሁለት ይሁን። ክሩ በአንድ ቀን አይጣላንም።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ገባዎ ወይ ቢለኝ ገባኝ አልኩ። የሰማሁት ግን ሃያ ሁለት የምትለዋን ነበር። ሌላውን ለሴቶች የሚነገር ነገር አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

ሦስተኛው ቀን ኅዳር ሚካኤል ሆነ። በኛ አገር በዚያ ቀን ኅዳር ይታጠናል፤ ቤት ተጠርጎ የዓመቱ ጉድፍ ደጅ ላይ ተቆልሎ ይነድዳል። መንደሩ በሙሉ ጭስ ነው። ደግሞ ቁስልን ሽታ ይመታዋል የሚባል ነገር ከአባቶቼ ይዤ አድጌአለሁ። በዚያ ጭስ መሐል የሰው ገላ የምከፍት ሰው አይደለሁም።

«ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ አይደል? ፍታው አላለህም?» አለችኝ።

«ጭሱን አታይም? ቢመታሽስ?»

«ጭሱ እስኪያልፍ ቆይተህ ፍታው እንጂ።»

አልፈታሁትም። እንዲያውም ክፉውን ሽታ ይመልስልኛል ብዬ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ወቅጬ፣ የፋሻውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ አስገባሁበት፣ ከላይ በፌስታል ሸፍኜ በመቀነቷ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁ። ሽታው ከሩቅ ይከረፋል። ጥሩ ሠራሁ ብዬ በማግሥቱ ወደ አውድማ ሄድሁ። ጤፉ ተከምሮ ነበር።

ኅዳር አሥራ አራት ቀን ይጠዘጥዘኛል አለች።

«የሚድን ቁስል ይጠዘጥዛል» አልኩ።

«እስቲ እየኝ።»

«ነገ።»

በማግሥቱም እየኝ አለችኝ። ነገ አልኳት። ይህችን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሴትዮዋ የጠየቀችኝ ዓይኔን ነበር እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

በአሥራ ስድስት ማታ ተንቀጠቀጠች። ምች ነው ብዬ ዳማ ከሴ አሽቼ አስሸተትኋት። ሲነጋ ግን በፀሐይም ሆና ብርድ ብርድ ይላታል፤ ክንዷን ከፍ ማድረግ አቃታት። በበቅሎ እስከ መኪና መንገዱ፣ ከዚያ በጋሪ ቡሬ አደረስኋት። በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብትሞትብኝ የገደልኋት እኔ ነኝ።

ያው የጅጋው ልጅ ነበር። ፌስታሉን ሲፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጎዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፤ አልጎተተውም፣ በጨው ውኃ አርሶ አርሶ አላቀቀው። ዙሪያው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ሽንኩርቱ የነካው ቆዳ ውኃ ቋጥሯል። ታች በኩል ሁለት ክር በመቀስ ቆርጦ ሲያወጣ መግሉ ፈሰሰ። ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልጮኸችም። አጠበውና እርጥብ ጎዝ አስገባበት፤ መርፌ ወጋት፤ የምትውጠውን ክኒን ሰጠን።

«ዝጋው እንጂ» አልኩት። «ክፍቱን ትተወዋለህ?»

«አባቴ፣ እርጥብ እህል ጎተራ ከተው ቢዘጉበት ምን ይሆናል?»

«ይሻግታል።»

«አሁን ከላይ ብሰፋው መግሉ ውስጥ ይቀራል። ከሥር ወደ ላይ ይሙላ። እርስዎም በፌስታል አፍነው እርጥቡን ዘጉበት። ጭስና ሽታ ስፌት አያመግልም። የሚያመግለው ካልታጠበ እጅና ከተወቀጠው ቅጠል የሚገባው ነው።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ «አሁን እርስዎ ይንገሩኝ» አለኝ። «እኔ ያልኩትን ሳይሆን፣ ቤት ገብተው የሚያደርጉትን።»

ደሜ ፈላ። «የቄስ ተማሪ አደረግኸኝ? በዚህ ዕድሜዬ ላነብንብልህ?»

ያን ጊዜ ባለቤቴ ከተኛችበት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ «ንገረው» አለች። «እኔ ጀርባዬ ላይ ዓይን የለኝም።»

ነገርሁት። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ፋሻውን እፈታለሁ፤ አጥባለሁ፤ አደርቃለሁ። እዚያ ላይ ቀረሁ።

«ከቀላስ?» አለኝ።

«እ... ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ።»

ልጁ ፈገግ አለ። እሷም በሆዷ ተኝታ ሳቀች፤ ያን ቀን የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ይኸ ነበር። «አየኸው» አለች፤ «ይኸውልህ ሐኪሜ።»

እንደገና ነገረኝ፤ እኔም እንደገና መለስሁ። በአራተኛው ሳልሳሳት አወጣሁት። ከዚያም በእጄ አሠራኝ፤ ታጥቤ፣ አዲሱን ጎዝ ጫፉን ብቻ ይዤ፣ መሐሉን ሳልነካ አለበስሁት።

ክሩ እስኪወጣ ቡሬ እህቷ ቤት ተቀመጥን፤ ጠዋት ጠዋት እያጠበ ጎዙን ይቀይርላታል፣ እኔም ቆሜ አያለሁ። ትኩሳቷ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፤ ክኒኑን ግን ተሽሎኛል ብላ እንዳታቋርጥ አስጠንቅቋት ነበርና እስከ መጨረሻው ዋጠችው። በሃያ ሁለት የቀሩትን አምስቱን ክር አወጣ። ቋጠሮውን በወረንጦ ከፍ ያደርግና ከሥሩ ቆርጦ ስብ ያደርገዋል። «እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው» አለች። ክፍቱ ቦታ ገና ነበረ፤ እሱን ቤት ገብቼ በየቀኑ አለበስሁ። ሲነጋ፣ ብርሃን ሲገባ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ ትቀመጣለች፤ እኔ ታጥቤ እመጣለሁ። ደቦ የጠራኝ ሰው እንኳ ይጠብቀኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ «አዋላጅ ሆነሃል አሉ» ይሉኛል። ይበሉ።

ቁስሉ ለገና ሰሞን ገጠመ። አንድ ጠዋት ጎዙን ሳነሣ ደርቆ አገኘሁት።

«ምን ይመስላል?» አለችኝ።

ደኅና ነው ብዬ ላልፍ ነበር። ግን እሷ የማታየውን የሚያይላት ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ።

«ላይኛው በኩል እንደ ክር ቀጥ ብሏል፤ አይታይም ማለት ነው» አልኳት። «ታች በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ሰፊ ጠባሳ አለ። እሱ የኔ ነው።»

ቀሚሷን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ተነሣች። እንስራውን ስታነሣ ገመዱን በግራ ትከሻዋ አደረገች፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ዓለም እስክታርፍ ድረስ በግራዋ ነው ያዘለችው።